ዋርፋሪን የምትወስድ ታካሚ አገር ስትቀይር፦ ለተቀባዩ ክሊኒክ የሚጻፍ የሕክምና ማስተላለፊያ ደብዳቤ

በአንድ ወቅት ከሌላ አገር የመጣ የልብ ታካሚ ተቀብዬ ነበር። የያዘው ደብዳቤ ማኅተምም ፊርማም ነበረው። የመድኃኒቱ መስመር ግን «ዋርፋሪን፣ ሮዟ ክኒን፣ በቀን አንድ» ይል ነበር። ሌላ ምንም የለም። ክኒኑ ካለቀበት ቀናት አልፈዋል፤ ባዶውን ካርቶን ደግሞ ጥሎታል።

ሮዝ የዋርፋሪን ክኒን በእንግሊዝ 5 ሚሊግራም ናት። በአሜሪካ ደግሞ ሮዟ 1 ሚሊግራም ናት። ልዩነቱ አምስት እጥፍ ነው። ትንሹን ብንሰጠውና እውነተኛው መጠን ትልቁ ቢሆን ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ትልቁን ብንሰጠውና እውነተኛው ትንሹ ቢሆን ሊደማ ይችላል። ስለዚህ መጠኑን ከዜሮ ጀምረን፣ በየጥቂት ቀኑ ደሙን እየለካን መፈለግ ነበረብን። ጸሐፊው «5 ሚሊግራም» ብሎ ቢጨምርበት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ስጽፍ በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጣው ተቀባዩ ሐኪም ነው። ታካሚዋን አያውቃትም። ለእኔ ደውሎ መጠየቅ አይችልም፤ ሰዓታችን አይገጥምም፣ ቋንቋችንም ላይገጥም ይችላል። ደብዳቤውን ለማንበብ ያለው ጊዜ ምናልባት አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ የመድኃኒት ማዘዣ መጻፍ አለበት።

አካሄዱን በአንድ ታካሚ ላሳያችሁ። ታካሚዋ ለማስረዳት የፈጠርኳት ናት፤ ችግሮቿ ግን በክትትል ክፍል በየጊዜው የምናያቸው ናቸው። የ34 ዓመት ሴት ናት። በልጅነቷ በያዛት የሩማቲክ ልብ ሕመም ሚትራል ቫልቯ ተጎድቶ በ2018 ሜካኒካል ቫልቭ ተተካላት። የልብ ምቷም የተዛባ ነው፤ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን አለባት። ኤፕሪል 20፣ 2025 ወደ ሌላ አገር ለመኖር ትሄዳለች።

አንደኛ፦ ሥራውን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምሩ

ደብዳቤው ራሱ በአንድ ሰዓት ይጻፋል። የሚዘገየው መረጃው ነው። የቀዶ ሕክምናው ሪፖርት ሌላ ተቋም ሊኖር ይችላል። የቅርብ ጊዜ ኤኮ ላይኖራት ይችላል። ታካሚዋ በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ ብላ ስትመጣ እነዚህን መሰብሰብ አይቻልም። ስለዚህ «አገር ልቀይር አስቤያለሁ» የምትል ቃል ስትሰሙ በዚያው ቀን የጎደለውን ጻፉና ማስመጣት ጀምሩ።

በዚያው ቀን ፓስፖርቷን እዩ። በደብዳቤው ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል አንድ መሆን አለበት። እዚያ የሚመዘግቧት በፓስፖርቷ ነው። አንድ ፊደል ሲለያይ ደብዳቤው የሌላ ሰው ይመስላል።

ምን እንዲጻፍ እንደምትፈልግም ጠይቋት። ደብዳቤው የእሷ ነው። ድንበር ላይ ወይም ቤተሰብ እጅ ሊገባ ይችላል። ከሕክምናው ጋር ግንኙነት የሌለውን የግል ታሪክ ተዉት። ግንኙነት ያለው ሆኖ እሷ ለብቻው እንዲሄድ ከፈለገች በሌላ ወረቀት፣ በታሸገ ፖስታ ስጧት።

ሁለተኛ፦ ከላይ የሚቀመጠው ታሪክ ሳይሆን ቀን ነው

ብዙዎቻችን ደብዳቤ የምንጀምረው «ይህች የ34 ዓመት ታካሚ...» ብለን ነው። ተቀባዩ ግን መጀመሪያ ማወቅ ያለበት እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ መቼ ችግር እንደሚመጣ ነው። ስለዚህ ከስሟ ቀጥሎ ይህ ይግባ፦

> ሜካኒካል ሚትራል ቫልቭ አላት። ዋርፋሪን ለአንድ ቀንም ያለ ምትክ መቋረጥ የለበትም።
> የአይኤንአር ምርመራ፦ እስከ ኤፕሪል 30፣ 2025 ይሠራላት።
> የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ፦ የመጨረሻው ኤፕሪል 14፤ ቀጣዩ ሜይ 12፣ 2025።
> የያዘችው ክኒን፦ የ60 ቀን ነው፤ የመጨረሻው ጁን 18፣ 2025 ይዋጣል።

የመጨረሻዎቹ ሦስት መስመሮች ትክክለኛ ቀን አላቸው። «በቅርቡ» ወይም «በወሩ» የሚል ቃል የለም። የወሩን ስም በፊደል መጻፍም ልማድ ይሁንባችሁ። 05/12 ለአንዱ አገር ሐኪም ሜይ 12 ነው፤ ለሌላው ዲሴምበር 5 ነው። የፔኒሲሊን መርፌ ሰባት ወር ቢዘገይ ምን እንደሚሆን አስቡት። ተቀባዩ የሚጠቀምበትን የዘመን አቆጣጠር ብቻ ተጠቀሙ፤ ሁለት አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ አታቀላቅሉ።

አይኤንአሩን በአሥር ቀን ውስጥ ያልኩት መጠኗ ያልተረጋጋ ስለሆነ አይደለም። አገር ስትቀይር ምግቧ ይቀየራል፣ የምትወስድበት ሰዓት ይዛባል፣ የክኒኑም አምራች ይለወጣል። እነዚህ ሁሉ አይኤንአርን ያንቀሳቅሳሉ።

ሦስተኛ፦ ታሪኩን አሳጥሩት፤ ቫልቩን ግን አታሳጥሩ

የሕመም ታሪክ በስምንትና በአሥር መስመር ያልቃል። መቼ ታመመች፣ መቼ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ከዚያ በኋላ ምን ገጠማት። በየቀጠሮው የታየችበትን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። የቫልቩ መረጃ ግን ሙሉ ይሁን፦ የትኛው ቫልቭ፣ ዓይነቱ፣ አምራቹ፣ መጠኑ፣ መለያ ቁጥሩ፣ የተተካበት ቀን። ካርዱ ካላት ፎቶ ኮፒውን አያይዙ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ቫልቩ ደኅና ሆኖ ሲሠራ ኤኮው ላይ ምን ይመስል ነበር? የዚህች ታካሚ ኤኮ ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ሲሠራ በቫልቩ ላይ ያለው አማካይ የግፊት ልዩነት 4 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነበር። የልብ ምቷ በደቂቃ 72 ነበር። የልቧ የመግፋት አቅም 55 በመቶ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ትንፋሽ አጥሯት ብትመጣና ያ ቁጥር 10 ሆኖ ቢገኝ ሐኪሙ ቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ይሆን ብሎ ወዲያው ይጠረጥራል። የመነሻው ቁጥር ከሌለው ግን «ምናልባት ድሮም እንዲህ ነበር» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። የልብ ምቱንም አብሬ የጻፍኩት ልብ ሲፈጥን የግፊት ልዩነቱም ስለሚጨምር ነው። ያለ ምቱ ሁለቱን ኤኮዎች ማወዳደር ያሳስታል።

አራተኛ፦ መድኃኒቶቹ

ሰፊው ሥራ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ መድኃኒት የሳይንስ ስሙን፣ በሚሊግራም መጠኑን፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን ጻፉ። የንግድ ስሙን ብቻ አትጻፉ። አንዳንዴ ያው የንግድ ስም በሌላ አገር ሌላ መድኃኒት ነው። ዲላኮር በአሜሪካ ዲልቲያዜም የያዘ መድኃኒት ስም ነበር፤ በሰርቢያ ግን ዲጎክሲን ነው። ሁለቱም የልብ መድኃኒቶች ናቸው፤ ስለዚህ ስህተቱን ማንም ላይጠረጥረው ይችላል። የዲጎክሲን መጠን ሲያልፍ ደግሞ መርዝ ነው።

ዋርፋሪንን እንዲህ እጽፋለሁ፦

> ዋርፋሪን (የ5 ሚሊግራም ክኒን)፣ ማታ 2 ሰዓት።
> ሰኞና ሐሙስ 7.5 ሚሊግራም፤ በሌሎቹ አምስት ቀናት 5 ሚሊግራም። የሳምንቱ ድምር 40 ሚሊግራም።
> የሚፈለገው አይኤንአር፦ ከ2.5 እስከ 3.5።
> ምክንያት፦ ሜካኒካል ሚትራል ቫልቭ፤ በተጨማሪ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን። የሚወሰደው ዕድሜ ልክ ነው።

የሳምንቱ ድምር ለምን አስፈለገ? በአንዳንድ አገሮች የ5 ሚሊግራም ክኒን አያገኙላትም፤ 3 እና 1 ሚሊግራም ይሰጧት ይሆናል። የሳምንቱ ድምር ካለ በያዙት ክኒን ሊያዋቅሩት ይችላሉ። ዋርፋሪን ብዙም የማይታዘዝባቸው አገሮችም አሉ። በጀርመን የተለመደው ፌንፕሮኩሞን ነው፤ በስፔን አሴኖኩማሮል ነው። ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን በሚሊግራም አይመጣጠኑም። ስለዚህ የእኛ ደብዳቤ ለመቀየሪያ የሚሆን መጠን አይጽፍም። የሚፈለገውን አይኤንአር በግልጽ ይጽፋል፤ ልወጣውን የሚሠራው መድኃኒቱን የሚያውቀው ሐኪም ነው።

የምክንያቱን መስመር አደራ። አንድ ደብዳቤ «ኤትሪያል ፊብሪሌሽን፣ ዋርፋሪን ትወስዳለች» ብቻ ቢልና ቫልቩ በሌላ ገጽ ቢቀር ምን እንደሚከተል መገመት ይቻላል። ተቀባዩ ሐኪም ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን በየቀኑ የሚያዝዘው አዳዲሶቹን የደም ማቅጠኛዎች ነው። ምርመራ ስለማያበዙባት ለእሷም ይቀልላታል ብሎ በቅንነት ሊቀይርላት ይችላል። ዳቢጋትራን በሜካኒካል ቫልቭ ታካሚዎች ላይ ሲሞከር መርጋቱም መድማቱም በዝቶ ጥናቱ ከጊዜው በፊት ተቋርጧል። ስለዚህ ቫልቩ ከዋርፋሪኑ ጋር በአንድ መስመር ይቀመጥ። ከሥሩም «ወደ አዳዲሶቹ የደም ማቅጠኛዎች አይቀየር» ብላችሁ ጨምሩ። ተቀባዩን እንዳስተማራችሁት አይቆጥረውም፤ የክትትሉ ውሳኔ እንደሆነ ይረዳዋል።

ቀጥሎ አይኤንአሮቹ። የመጨረሻው አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። አምስቱን ጻፉ፤ ከመስመር የወጣ ካለ ምክንያቱን አስከትሉ፦

> ጃንዋሪ 14፦ 2.8
> ፌብሩዋሪ 11፦ 3.1
> ማርች 4፦ 4.6 (ሜትሮኒዳዞል ለ7 ቀን ወስዳ ነበር፤ አልደማችም፤ የአንድ ቀን ዋርፋሪን ተዘለለ፤ የሳምንቱ መጠን አልተቀየረም)
> ማርች 18፦ 2.9
> ኤፕሪል 14፦ 3.0

በቅንፍ ያለውን አጥፉትና መልሳችሁ አንብቡት። 4.6 ያየ ሐኪም መጠኑ በዝቶባታል ብሎ ሊቀንሰው ይችላል። መጠኑ ግን አልበዛም። ሜትሮኒዳዞል ጉበት ዋርፋሪንን የሚያስወግድበትን መንገድ ስለሚያዘገይ አይኤንአሩን ከፍ አድርጎት ነበር። ያ ቅንፍ ሌላም ጥቅም አለው፤ ወደፊት ሜትሮኒዳዞል ሊያዝላት የሚያስብ ሐኪም አስቀድሞ ይጠነቀቃል።

ሌሎቹ መድኃኒቶች ባጭሩ ይሄዳሉ። ፉሮሴማይድ 40 ሚሊግራም ጠዋት፣ ለእግር እብጠትና ለትንፋሽ። ሜቶፕሮሎል ሳክሲኔት 50 ሚሊግራም ጠዋት፣ የልብ ምቱን ለመቆጣጠር። ሜቶፕሮሎል ላይ የጨውን ስም አትርሱ። ሳክሲኔቱ ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ነው፤ በቀን አንዴ ይወሰዳል። ታርትሬቱ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለቴ ነው። «ሜቶፕሮሎል 50» ብቻ ከተባለ ታርትሬቱን በቀን አንዴ ሊሰጧት ይችላሉ፤ ያኔ ከሰዓት በኋላ ልቧ መፍጠን ይጀምራል።

መርፌው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 1.2 ሚሊዮን ዩኒት በጡንቻ፣ በየ4 ሳምንቱ፣ የሩማቲክ ትኩሳት እንዳይመለስባት። ሩማቲክ የልብ ሕመም እምብዛም በሌለበት አገር ያለ ሐኪም ይህን መርፌ በዚህ ሁኔታ አይቶት ላያውቅ ይችላል። ቫልቩ ተተክቷል፤ ታዲያ መርፌው ለምን? ብሎ ሊያቆመው ይችላል። ስለዚህ ሌሎቹ ቫልቮች ገና የራሷ መሆናቸውንና ትኩሳቱ ከተመለሰ እነሱንም ሊጎዳ እንደሚችል በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ቤንዛቲን» የሚለውም ቃል አይቅር። ቤንዛይልፔኒሲሊን የሚባለው ስሙ የሚመሳሰል፣ ግን ከሰውነት ቶሎ የሚወጣ ነው፤ አንድ ወር አይጠብቃትም። በአንዳንድ አገር ካርቶኑ ላይ በሚሊግራም ስለሚጻፍ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ወደ 900 ሚሊግራም እንደሆነ አብራችሁ ጨምሩ።

ሌላው ፍርሃት መድማት ነው። የደም ማቅጠኛ የምትወስድን ሴት በጡንቻ መርፌ መውጋት ብዙ ነርሶችን ያስፈራል፤ መፍራታቸውም ተገቢ ነው። እኛ እንዴት እንደምናደርገው ጻፉላቸው፦ በመርፌው ቀን አይኤንአሯን እናያለን፣ ከ3.5 በላይ ከሆነ እናቆየዋለን፣ ከወጋን በኋላ ቦታውን ለደቂቃዎች ጫን ብለን እንይዛለን፣ እስካሁን ደም ቋጥሮባት አያውቅም። መርፌው ጨርሶ ካልተገኘ ደግሞ ፔኒሲሊን ቪ 250 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ በአፍ አማራጭ መሆኑን ጨምሩ።

አምስተኛ፦ የማትወስደውም ይጻፍ

የተቋረጠ መድኃኒት ከነምክንያቱ ካልተጻፈ ተመልሶ ይታዘዛል። ተቀባዩ ደህና ሐኪም ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይታዘዛል፤ የጎደለ መስሎት ይሞላዋልና። ለዚህች ታካሚ ሁለት መስመር ይበቃል፦

> አስፕሪን፦ ታስቦበት አልተሰጠም። በ2020 ከዋርፋሪን ጋር ስትወስድ ጨጓራዋ ደምቶ ነበር።
> ኢናላፕሪል፦ በ2022 ደረቅ ሳል ስላመጣባት ቆመ። አለርጂ አይደለም።

አለርጂ ሲጻፍ የሆነውን ነገር ጻፉ። «ለኢናላፕሪል አለርጂ» ማለትና «ደረቅ ሳል» ማለት የተለያዩ ናቸው። ለእሷ ደግሞ «የፔኒሲሊን አለርጂ የለባትም» የሚለው በግልጽ ይጻፍ። ባዶ ቦታ ማለት የለም ማለት ይሁን አልተጠየቀም ማለት ማንም አያውቅም። ፔኒሲሊን በየወሩ ለምትወጋ ሴት፣ ከጥርስ ሕክምና በፊትም አሞክሲሲሊን 2 ግራም ለሚያስፈልጋት፣ ይህ መስመር በየጊዜው ይፈለጋል።

የወሊድ መከላከያውም እዚህ ይግባ፣ እሷ ከፈቀደች። ክንዷ ላይ የተቀበረ መከላከያ አላት። ዓይነቱንና የገባበትን ቀን ጻፉ። ዋርፋሪን በእርግዝና የመጀመሪያ ሦስት ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። መከላከያው ጊዜው ማለፉን ማንም ሳያስተውል ብትፀንስ ቫልቩንም ልጁንም የሚመለከት ከባድ ውሳኔ በጥድፊያ ይመጣል። መውለድ ከፈለገች ከመፅነሷ በፊት የልብ ሐኪም እንድታማክር እንደተነገራትም ጨምሩ።

ስድስተኛ፦ የላቦራቶሪ ቁጥር ያለ መለኪያ አይቁም

ክሪያቲኒን 0.8 በአንድ አገር ጤነኛ ነው። በማይክሮሞል ለሚያነብ ሐኪም ግን 0.8 ትርጉም የለውም፤ እሱ የሚጠብቀው 71 ነው። ሁለቱንም ጻፉ፦ 0.8 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ወይም 71 ማይክሮሞል በሊትር። ማባዣው 88.4 ነው። ሄሞግሎቢን 12.6 ግራም በዴሲሊትር በሌላው 126 ግራም በሊትር ነው። አይኤንአር ግን በየትም አገር አንድ ነው፤ የወጣውም ለዚያው ነው።

ሰባተኛ፦ ታካሚዋ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት

የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዛ ትምጣ፤ በፋይሉ ላይ ሳይሆን በጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁጠሩ። የእኛ ታካሚ ፋይሏ ላይ ፉሮሴማይድ በቀን አንዴ ነው። ስትጠየቅ ግን እግሯ ሲያብጥ ሁለቴ እንደምትወስድ ተናገረች። ይህ ለተቀባዩ ትልቅ መረጃ ነው፤ ደብዳቤው እውነተኛውን አወሳሰድ መያዝ አለበት።

ከዚያ ሦስት ኮፒ ስጧት። አንዱ በእጅ ሻንጣ ከመድኃኒቶቹ ጋር ይሁን፤ መድኃኒቶቹም በራሳቸው ካርቶን እንጂ በላስቲክ አይቋጠሩ። ሁለተኛው በስልኳ ላይ ይቀመጥ። ሦስተኛው ቤተሰብ ጋር ይቅር። ዋርፋሪኗ በሙሉ በእጅ ሻንጣዋ ይግባ፤ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ የገባ ሻንጣ ሊጠፋ ይችላል። ደብዳቤው ተቀባዩ አገር በሚነበብ ቋንቋ ይጻፍ፤ ካስተረጎማችሁት የመድኃኒት ስሞቹንና ቁጥሮቹን ራሳችሁ አንድ በአንድ አመሳክሩ።

ስምንተኛ፦ ለማያውቃት ባልደረባ ስጡት

ፊርማ ከመፈረሜ በፊት ደብዳቤውን ታካሚዋን አይቶ ለማያውቅ ሐኪም እሰጠዋለሁ። «ዛሬ ማታ የሚያስፈልጋትን እዘዝላት፣ ቀጣይ ቀጠሮዋንም ጻፍ» እለዋለሁ። ምንም አላብራራለትም። እጁ የሚቆምበት ቦታ ደብዳቤው የጎደለበት ቦታ ነው። በዚህኛው ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ቆመ። «ማታ 2 ሰዓት የየትኛው አገር ማታ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልክ ነበር። በጉዞዋ ቀን እንዴት እንደምትወስድ፣ ከዚያ በኋላም ሰዓቷን ወደ አዲሱ አገር ማታ እንዴት እንደምታዛውር አልጻፍኩም ነበር። ሁለተኛው ጥያቄው «ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብትደማ ማን ይጠየቃል?» የሚል ነበር። የክትትል ክፍሉን ኢሜይል ጽፌያለሁ፤ ሌሊት የሚነሳ ስልክ ግን አልነበረበትም። ሁለቱን መስመሮች ጨመርኩና ፈረምኩ።